የደባል ቤት ኪራይ አከፋፈል፦ በካሬ፣ በሻወርና በሰው ቁጥር

ደባሎች አንድ ላይ የሚከፍሉት ኪራይ ሁለት ዋጋዎችን አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው ሁሉም የሚጠቀሙበት የሳሎን፣ የማድቤት፣ የመተላለፊያና የጋራ ሻወር ዋጋ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ ለብቻው የሚይዘው የመኝታ ክፍል ዋጋ ነው። የመጀመሪያው የሚበላው በሰው ልክ ነው፤ ሦስት ሰው ከሁለት ሰው ይልቅ ማድቤቱን ያጣብባል። ሁለተኛው የሚበላው በስፋትና በምቾት ልክ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይለያዩ ጠቅላላው ብር በደፈናው ለክፍል ወይም ለሰው ቁጥር ሲካፈል ነው አንዱ በሌላው ኪስ የሚኖረው።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በተለይ በመርካቶና በዙሪያዋ በሰባተኛ፣ በአብነት፣ በአውቶቡስ ተራና በመሳለሚያ፣ ቤትን በደባልነት መያዝ የተለመደ ነው። ከሱቅና ከመጋዘን ሥራ ማታ የሚወጣ ሰው ለትራንስፖርት የሚያወጣውን ጊዜና ገንዘብ ለማዳን ቅርብ ቤት ይፈልጋል፤ ቅርቡን ቤት ግን ብቻውን አይችለውም። ቤቶቹም በአንድ ልክ የተሠሩ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሰው የቀበሌ የሆኑት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በግድግዳ ተከፋፍለው፣ ሽንት ቤታቸው በግቢ የጋራ ሆኖ ቀርቷል። ከነሱ አጠገብ የግል ቪላዎች፣ ባለ አንድና ሁለት ፎቅ ቤቶች ይገኛሉ። ከዚህ በታች ያለው አከፋፈል የታሰበው ለግል ቤት ነው። የቀበሌ ቤት በውሉ ለተመዘገበው ነዋሪ የተሰጠ ስለሆነ ደባል የማስገባቱ ነገር በቅድሚያ ከወረዳው ጋር የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰላል። ብሩ ለስሌት እንዲመች የተመረጠ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ቤቱ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሦስት መኝታ ነው፤ ወርኃዊ ኪራዩ 24,000 ብር ነው። በሰፊው ክፍል ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ይተኛሉ፤ ይህ ክፍል የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት አለው። በመካከለኛው ክፍል ሚሊተሪ ተራ ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ። ጠባቡን ክፍል የያዘው የሱቅ ሠራተኛ ነው፤ የክፍሉ መስኮት ጭነት መኪና ማታ የሚራገፍበት መንገድ ላይ ይከፈታል።

ልኬት

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ወረቀትና ቢያንስ ሁለት ተከራይ ነው። አንዱ ሲለካ ሌላው ይጽፋል፤ ብቻውን የለካ ሰው ቁጥሩ በኋላ አይታመንለትም። እያንዳንዱ ክፍል ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ ይለካል፤ ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ ካሬው ይገኛል። ክፍሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ካልሆነ ለሁለት ተከፍሎ ይለካና ይደመራል።

መለካት ያለበት የሚያገለግለው ቦታ ነው። ቆጥ ያለው ክፍል ቆጡ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ካልቻለ የቆጡ ስፋት በግማሽ ይያዛል፤ ይተኙበታል፣ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ግን እንደ ወለል አይሆንም። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ከወገብ በታች ያለው ጥግ አይቆጠርም። ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ ለመግባት የሚያልፍበት ክፍል ካለ ማለፊያው መስመር፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋው ወርድ፣ ከዚያ ክፍል ተቀንሶ ለጋራ ይሰጣል። ከግድግዳው ጋር የተሠራ ቁምሳጥን ግን ከክፍሉ ጋር ይቆጠራል፤ ያንን ያላገኘ ሰው ቁምሳጥን ገዝቶ ወለሉን ያጣብባልና።

በምሳሌው ቤት የመኝታ ክፍሎቹ 16፣ 12 እና 8 ካሬ ሆነው ተገኙ፤ ድምራቸው 36። ሳሎኑ 20፣ ማድቤቱ 7፣ መተላለፊያው 5፣ የጋራ ሻወሩ 4 ካሬ ነው፤ ይህም 36 ይሆናል። የሰፊው ክፍል የግል ሻወር በካሬ አልገባም። ምክንያቱም ሻወሩ ኋላ እንደ ምቾት በብር ይተመናል፤ በካሬም በብርም ከተቆጠረ ወንድማማቾቹ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ይህ ስህተት በደባል ስሌት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነው።

የጋራውንና የግሉን መለየት

የጋራው ስፋት ከጠቅላላው 72 ካሬ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ከ24,000 ብር 12,000 ለጋራ፣ 12,000 ለግል ክፍሎች ይመደባል። የጋራው ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3,000 ብር ይደርሳል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰው እንጂ በር አይደለም። ወንድማማቾቹ አንድ ክፍል ቢይዙም ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ይጥዳሉ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ይይዛሉ። ሕፃን ያለው ተከራይ ካለ ልጁ እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው ገና ከመግባቱ በፊት ይወሰናል።

በካሬ መለየቱ አንድ ድክመት አለው። አንዳንድ አሮጌ ቪላ ሳሎኑ ከመኝታዎቹ ሁሉ ይሰፋል፤ ነገር ግን ማንም አይቀመጥበትም። እንዲህ ያለው ቤት በካሬ ሲለካ የጋራው ድርሻ ያለ ልክ ያብጣል። የጋራው ድርሻ ባበጠ ቁጥር ሁሉም በሰው እኩል የሚከፍለው ይበዛል፤ በክፍሎች መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል። የሚጠቀመው ሰፊ ክፍል ብቻውን የያዘው ሰው ነው፤ የሚጎዱት ደግሞ በአንድ ክፍል ሁለት ሆነው የሚኖሩት ናቸው። ስለዚህ የጋራው ድርሻ ከግማሽ እንዳያልፍ ገደብ ማድረጉ ይመከራል። ሳሎኑ የማይቀመጡበት መተላለፊያ ብቻ ከሆነ ወደ ሲሶ ዝቅ ማድረግ ከእውነታው ጋር ይበልጥ ይስማማል።

በመርካቶ የጋራ ቦታ ሌላ ፈተናም አለበት። ነጋዴ ደባል ገበያው ሲቀዘቅዝ ዕቃውን ወደ ቤት ያመጣል። መጀመሪያ አንድ ማዳበሪያ ከሳሎኑ ጥግ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁለት ቦንዳ ልብስ ይደረብበታል፤ ከወር በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው ወደ ማድቤት የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ነው። ዕቃው የያዘው ወለል ተለክቶ ከጋራው ወደ ግል መዛወር አለበት። በምሳሌው ቤት የሚሊተሪ ተራው ነጋዴ ከሳሎኑ 3 ካሬ ቢይዝ፣ የጋራው አንድ ካሬ 12,000 ለ36 ሲካፈል 333 ብር ከ33 ሳንቲም ስለሚሆን፣ ለ3 ካሬው 1,000 ብር ይከፍላል። የቀረው የጋራ 11,000 ለአራት ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 2,750 ይሆናል። ነጋዴው ከዕቃው የተነሳ በተጣራ ስሌት 750 ብር ይጨምራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 250 ይቀንስላቸዋል። ዕቃው ሲነሳ ስሌቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለመኖሪያ የተከራየን ቤት መጋዘን ማድረግ ግን ከአከራዩ ጋር የሚያጣላ ነገር ስለሆነ የደባሎቹ ስምምነት ብቻውን አይበቃም።

ሻወሩን በብር መተመን

የካሬው ነገር በሜትር ያልቃል፤ የሻወሩ አያልቅም። የግል ሻወር ለሚጠቀመው ሰው ብዙ ዋጋ አለው፤ ለማይጠቀመው ደግሞ ዋጋው ከፍ ሲል የራሱ ኪራይ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለሻወሩ ዝቅ አድርጎ፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ቢናገር የሚያስገርም አይደለም። መፍትሔው ክፍሎቹ ከመመደባቸው በፊት፣ ማን የትኛውን እንደሚይዝ ሳይታወቅ መጠየቅ ነው።

ለእያንዳንዱ ክፍል ተፎካካሪ ቡድን አንድ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ክፍሎች ቢኖሩና አንደኛው የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት ቢኖረው፣ ለእሱ በወር ስንት ብር ይጨመራል? ማንም ሳያሳይ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገለጣል። ወንድማማቾቹ አንድ ላይ ስለሚገቡ አንድ ወረቀት ይይዛሉ። በምሳሌው ወረቀቶቹ 2,000፣ 1,500 እና 800 አሉ። የሚወሰደው መካከለኛው፣ 1,500 ነው። አማካዩ አይወሰድም፤ 2,000 ያለው ሰው ሆን ብሎ 6,000 ብሎ ቢጽፍ አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ መካከለኛውን ግን አይነካውም። ቁጥሩን ማጋነን ብዙ ጥቅም በማያመጣበት ቦታ ሰው እውነተኛ ግምቱን ይጽፋል።

ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ሻወሩ ራሱ መፈተሽ አለበት። የከተማው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የግል ሻወር ዋጋ የሚወሰነው ቧንቧው ከሮቶ ወይስ በቀጥታ ከመስመሩ እንደሚጠጣ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ውኃ በጠፋበት ቀን የግሉም የጋራውም ቧንቧ ይከፈታል። የጋራው ከሮቶ እየፈሰሰ የግሉ ደርቆ ከተገኘ፣ ባለ ግል ሻወሩ በሳምንት ውስጥ ብዙ ቀን ጀሪካን ይዞ ወደ ጋራው ሊሰለፍ ነው፤ ጭማሪው ከግማሽ በታች ቢወርድ አይበዛም። ሁለቱም ከሮቶ ከሆኑ ቀጥሎ የሚታየው የውኃው ግፊት ነው፤ ሮቶው ከፎቁ ጣሪያ ላይ ካልሆነ የላይኛው ሻወር ይንጠባጠባል እንጂ አይፈስም። ቦይለሩ ይሠራል ወይ፣ ከየትኛው ቆጣሪ ይጠጣል የሚለውም በዚሁ ጊዜ ይጣራል። ወለሉ ውኃ ይዞ የሚያድር ከሆነ ሽታውና ሻጋታው ወደ መኝታው ስለሚገባ ዋጋ መቀነሻ ምክንያት ነው።

ባለ ግል ሻወሩ የጋራውን ሻወር የማይጠቀም ከሆነ ለምን በጋራው ድርሻ ይከፍላል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጋራ ሻወሩን 4 ካሬ ከጋራው አውጥቶ ለሁለቱ ተጠቃሚዎች ብቻ ማካፈል ነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጭማሪ ሰውየው ለጋራ ሻወርም መክፈሉን እንደሚቀጥል ታውቆ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ይቀላል፣ ሁሉም ግምቱን ሲጽፍ በአእምሮው አብሮ ያሰላዋልና። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይቻልም።

ሌላው ምቾትም ጉዳትም በዚሁ ወረቀት ይተመናል። በረንዳ፣ የጠዋት ፀሐይ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ጠንካራ በር ይጨምራሉ። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ማድቤት አጠገብ ሆኖ ጭስ የሚገባበት፣ ጣሪያው የሚያፈስ ይቀንሳሉ። በምሳሌው ጠባቡ ክፍል ለሌሊቱ የጭነት ጫጫታ 300 ብር ይቀነስለታል። ይህ ቁጥር እንዳይገመት፣ ደባሎቹ በሥራ ቀን ማታ አራት ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱን ዘግተው ቢቀመጡ ይሻላል። ቀን ላይ ቤቱን ያየ ሰው ስለ መርካቶ ሌሊት ምንም አያውቅም፤ ከሱቅ መዝጊያ በኋላ የሚጀመረው ማራገፍ፣ የሸካሚዎቹ ጥሪና ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ድምፅ ከጠባብ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ዓይነት ምቾት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከሦስት በላይ ከሆኑ ክርክሩ ከሚያስተካክለው ገንዘብ ይበልጣል።

ድምሩ

ጭማሪና ቅናሹ ለአከራዩ የሚጨመር ብር አይደለም፤ ከግል ክፍሎቹ 12,000 ውስጥ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ከ12,000 ላይ የተጣራው ጭማሪ ይነሳል፤ 1,500 ሲደመር 300 ሲቀነስ 1,200 ነው። የቀረው 10,800 ለ36 ካሬ ሲካፈል አንድ ካሬ 300 ብር ይወጣል።

ሰፊው ክፍል 16 ካሬ በ300፣ 4,800፤ ሻወሩ 1,500 ሲጨመር 6,300 ነው። መካከለኛው 12 ካሬ፣ 3,600። ጠባቡ 8 ካሬ 2,400 ሆኖ 300 ሲቀነስ 2,100። የጋራው በሰው 3,000 ሲጨመር ወንድማማቾቹ አንድ ላይ 12,300፣ ነጋዴው 6,600፣ የሱቅ ሠራተኛው 5,100 ይከፍላሉ። ድምሩ 24,000 ነው። ድምሩ ከኪራዩ ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ስህተት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጭማሪው ከግሉ ሳይነሳ በላዩ ተደርቦ ይገኛል።

ይህን ከተለመዱት ሁለት አከፋፈሎች ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን ያሳያል። በክፍል ቁጥር ቢካፈል እያንዳንዱ በር 8,000 ይከፍላል፤ የሱቅ ሠራተኛው ለ8 ካሬና ለሌሊት ጫጫታ 8,000 ሲያወጣ ወንድማማቾቹ ለባለ ሻወር ክፍል ነፍስ ወከፍ 4,000 ብቻ ያወጣሉ። በሰው ቁጥር ቢካፈል ሁሉም 6,000 ይከፍላል፤ ወንድማማቾቹ ከሚገባቸው ነፍስ ወከፍ 150 ብር ብቻ ያነሰ ስለሚከፍሉ ብዙም አያጎድልም፤ የሱቅ ሠራተኛው ግን በየወሩ 900 ብር ለሌሎች ይጨምርላቸዋል፣ ነጋዴውም 600 ይተርፈዋል። በዓመት ሲታይ የሱቅ ሠራተኛው 10,800 ብር ያጣል።

ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲፈልጉ

ስሌቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ በዚህ ዋጋ ከሌላው ክፍል ጋር መቀየር ትፈልጋለህ? ሁሉም «አልፈልግም» ካለ ሥራው አልቋል፤ ማንም የሌላውን ድርሻ አይመኝም። ነገር ግን ልኬት የሰውን ፍላጎት አይለካም፤ ነጋዴውም የሱቅ ሠራተኛውም መካከለኛውን ክፍል በ6,600 ቢፈልጉ ዋጋው ለዚያ ክፍል ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ክፍል 200 ብር ይጨመርበትና የማይፈለገው 200 ይቀነስለታል፤ ድምሩ ሳይነካ። መካከለኛው 6,800፣ ጠባቡ 4,900 ሆኖ ጥያቄው እንደገና ይቀርባል። ሁለቱም አሁንም መካከለኛውን ካሉ 7,000 እና 4,700 ይሆናል። በአንድ ወቅት አንደኛው «በዚህ ዋጋማ ጠባቡን እወስዳለሁ» ይላል፤ እዚያ ይቆማል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ፣ አንዱ የፈለገውን ክፍል ስላገኘ፣ ሌላው ኪራዩ ስለቀነሰለት። የሒሳብ ሊቁ ፍራንሲስ ሱ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኢማኑኤል ስፐርነር በ1928 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠውን ንድፈ ሐሳብ ተጠቅሞ፣ ተራ ቅድመ ሁኔታዎች ከተሟሉ ማንም በሌላው የማይቀናበት የክፍልና የኪራይ አመዳደብ ሁልጊዜ እንደሚገኝ አሳይቷል። ከቅድመ ሁኔታዎቹ ዋናው ክፍሉ ነፃ ቢሆን ማንም ከሚከፈልበት ክፍል ይልቅ እሱን እንደሚመርጥ ነው፤ በመርካቶ ይህን የሚከራከር አይገኝም።

ብዙዎች ይህን ትተው ዕጣ ይጥላሉ። ዕጣ በእቁብ ያማረ ሥራ ይሠራል፤ ምክንያቱም ዛሬ ያልደረሰው ሌላ ጊዜ ይደርሰዋል፣ ገንዘብ የቸገረው ደግሞ ዕጣ የወጣለትን ጠይቆ ጥቂት ቀንሶ ይገዛዋል። ክፍል ግን አይዞርም። ኪራዩ እኩል ሆኖ ክፍሉ በዕጣ ከተመደበ የአንድ ቀን ዕድል ለሁለት ዓመት ኪራይ ይሆናል። የዕጣ ቦታው ዋጋው ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዎች በተስተካከለው ዋጋም አንድ ክፍል ላይ ከቆሙና ብር መጨመሩ ሊያበቃ ካልቻለ።

መብራት፣ ውኃና ሌላው ወጪ

እነዚህ ከኪራዩ ጋር አይደባለቁም። ውኃና ጥበቃ በሰው ቁጥር ይካፈላሉ። መብራት ላይ ግን ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ታሪፉ በፍጆታ እርከን የሚጨምር ስለሆነ በአንድ ቆጣሪ የተደመሩ አራት ሰዎች ብቻቸውን ቢኖሩ ከሚደርሱበት ይልቅ ወደ ውዱ እርከን ይወጣሉ። ወደ ውዱ እርከን ከሚያወጡት ዕቃዎች ዋናዎቹ የእንጀራ ምጣድና ቦይለር ናቸው፤ ምጣድ ሲበራ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ደባሎቹ እንጀራ ከውጭ እየገዙ አንዱ ብቻ ለመሸጥ የሚጋግር ከሆነ በሰው ቁጥር ማካፈል አያስኬድም። ምጣዱ የሚሠራባቸው ሰዓታት በኪሎዋቱ ተባዝተው ፍጆታው ይገመታል፤ ያንን እሱ ይከፍልና ቀሪው ይካፈላል። የግል ሻወሩ ቦይለር በጋራ ቆጣሪ ከሆነ በዚሁ መንገድ ይሰላል።

ውሉ

በደባሎቹ መካከል የተስማሙት አከፋፈል አከራዩን አያስገድደውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በአንድ ዕዳ ላይ ያሉ ባለዕዳዎች ባንድነትም በነጠላም ይጠየቃሉ። ውሉን አራቱም ከፈረሙ አከራዩ 24,000ውን በሙሉ ከፈለገው ከአንዱ መጠየቅ ይችላል፤ የከፈለው ሰው ከሌሎቹ ድርሻቸውን ይጠይቃል። 5,100 የሚከፍለው የሱቅ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ መፈረም የለበትም። አንድ ሰው ብቻ ከፈረመ ደግሞ ለአከራዩ ዕዳው የሱ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ የመኖር መብት በእሱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ ቢያንስ ደባል መኖሩ አከራዩ ዘንድ ታውቆ በጽሑፍ ይስፈር።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ደንግጓል። ለደባሎች ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል። ቅድሚያው በወርኃዊው ድርሻ ልክ ይዋጣል፤ በምሳሌው 48,000 ብር ሲሆን ወንድማማቾቹ 24,600፣ ነጋዴው 13,200፣ የሱቅ ሠራተኛው 10,200 ያወጣሉ። ክፍያው በአንድ ሰው ሂሳብ በኩል ከሄደ ሌሎቹ ለሱ ሲልኩ የወሩን ስም በማስታወሻው ላይ ይጽፋሉ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጣሉ። በእጅ የተሰጠ ብር ማስረጃ የለውም።

በደባሎቹ መካከል የሚጻፈው ወረቀት አንድ ገጽ ይበቃዋል። ካሬዎቹ፣ የጋራው ድርሻ፣ ለሻወርና ለጫጫታ የተተመነው ብር፣ የእያንዳንዱ የወር ክፍያ፣ ያዋጣው ቅድሚያ ይሰፍራሉ፤ ሁሉም ይፈርማሉ፣ ሁለት ምስክር ይጨመራል። ሁለት ድንጋጌዎች ግን መዘንጋት የለባቸውም። የመጀመሪያው ኪራዩ ሲጨምር ነው። ኪራዩ ከ24,000 ወደ 26,400 ቢያድግ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ እኩል ያድጋል፤ 12,300 ወደ 13,530፣ 6,600 ወደ 7,260፣ 5,100 ወደ 5,610። የጨመረው 2,400 ለአራት እኩል ከተካፈለ ጠባቡ ክፍል ከ5,100 ወደ 5,700 ይወጣል፤ ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የተለካው ልዩነት ቀስ በቀስ ይፋቃል።

ሁለተኛው ሰው ሲለቅ ነው። የሚለቀው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያሳውቃል፤ እስከዚያው ድርሻውን ይከፍላል። ተተኪ ካመጣና ቀሪዎቹ ከተቀበሉት ተተኪው ለቃቂው ያዋጣውን ቅድሚያ በቀጥታ ለእሱ ይመልስለታል፤ አከራዩ ዘንድ ያለው ገንዘብ አይነካም። ተተኪው የሚገባው በክፍሉ ዋጋ ነው እንጂ በአዲስ ድርድር አይደለም። ወንድማማቾቹ አንዱ ሄዶ አንዱ ብቻውን ሰፊው ክፍል ውስጥ ከቀረ ግን የሰው ቁጥር ሦስት ይሆናል፤ የጋራው 12,000 ለሦስት ሲካፈል 4,000 ነው። የቀረው ወንድም 6,300ው የክፍሉ ዋጋ ላይ 4,000 ጨምሮ 10,300 ይከፍላል፣ ነጋዴው 7,600፣ የሱቅ ሠራተኛው 6,100። ነጋዴውና የሱቅ ሠራተኛው በሌላ ሰው ውሳኔ 1,000 ብር ተጨመረባቸው ብለው ቢያማርሩ ማድቤቱና ሳሎኑ በዚያው ልክ መስፋታቸው እውነት ነው፤ የማይችሉት ከሆነ ግን ሰፊው ክፍል ለሁለት ሰው ተብሎ ይያዝና የቀረው ወንድም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጓደኛ እንዲያስገባ ወይም የጎደለውን 3,000 ራሱ እንዲሸፍን አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል።